160 ደመወዝ በአንድ ፋይል፦ የጅምላ የሞባይል ክፍያ እንዴት ይሠራል?

ከአቃቂ ቃሊቲ እስከ ገላን ባለው መንገድ ዳር እንዳሉት ፋብሪካዎች ባለ ቦታ ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል ሥራው ብዙ እጅ ይፈልጋል። ከባንክ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው፣ ቆጥሮ በየፖስታው የሚከት ሰው፣ ፔሮሉን ዘርግቶ የሚያስፈርም ሰው ያስፈልጋል። ሠራተኛው ይሰለፋል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ አመሻሹ ላይ ደግሞ የወር ደመወዟን በጉያዋ የያዘች ልጅ በጨለማ መንገድ ወደ ኪራይ ቤቷ ትሄዳለች። አሁን አሠሪው ያንን ሁሉ ትቶ የሠራተኞቹን ስልክና የተጣራ ደመወዝ በአንድ ፋይል አዘጋጅቶ በቴሌብር፣ በኤም-ፔሳ ወይም በሲቢኢ ብር በአንድ ትእዛዝ መላክ ይችላል። የጅምላ ክፍያ የሚባለው ይህ ነው።

አንድ ትእዛዝ ነው፣ አንድ ክፍያ ግን አይደለም። 160 ሠራተኛ ካለ 160 ክፍያ አለ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይሳካል፣ ለብቻው ይወድቃል። ይህን ያልተረዳ ከፋይ «ላክሁ፤ አለቀ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ግን ቢሮው በር ላይ ዘጠኝ ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው የጅምላ ክፍያ ዋናው ሥራ ከመላኩ በፊት ዝርዝሩ ላይ፣ ከተላከ በኋላ ደግሞ ውጤቱ ላይ ነው የምለው።

ነገሩን በምሳሌ እንከተለው። ገላን አካባቢ 160 ሠራተኞች ያሉት አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እናስብ። የሐምሌ ደመወዝ ሊከፈል ነው። የአንዷ ሠራተኛ ጠቅላላ ደመወዝ 6,500 ብር ነው እንበል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ፣ የቀረው 2,500 ብር ደግሞ 20 በመቶ ይከፈልበታል፤ በድምሩ 800 ብር። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 455 ብር ይቀነሳል። የተጣራው 5,245 ብር ነው። ግብሩና ጡረታው በሌላ መንገድ ወደየመሥሪያ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ወደ ሠራተኛዋ ስልክ የሚላከው 5,245ቱ ብቻ ነው። የ160ዎቹ የተጣራ ደመወዝ ድምር 812,460 ብር ሆነ እንበል። ይህን ድምር እንያዘው፤ እስከ መጨረሻው ያስፈልገናል።

ብሩ የት ነው ያለው?

አሠሪው መጀመሪያ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ውል ይፈርማል፤ በድርጅቱም ስም የሞባይል ገንዘብ ሂሳብ ይከፈትለታል። ሂሳቡ እንደ ግለሰብ በስልክ ቁጥር ሳይሆን ድርጅቱ በተሰጠው አጭር ቁጥር ይታወቃል። ከደመወዝ ቀን በፊት ድርጅቱ 812,460 ብሩን፣ ከአገልግሎት ክፍያው ጋር፣ ከባንክ ሂሳቡ ወደ አገልግሎት ሰጪው የባንክ ሂሳብ ያስተላልፋል። ገንዘቡ እንደገባ በድርጅቱ የሞባይል ሂሳብ ላይ እኩል የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ይመዘገባል።

ብሔራዊ ባንክ ባወጣው የክፍያ ሰነድ አውጪዎች መመሪያ መሠረት በሞባይል ለሚታየው ለእያንዳንዱ ብር እኩል ብር በባንክ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ደመወዝ ሲላክ የባንኩ ገንዘብ ከቦታው አይነቃነቅም። የሚለወጠው ባለቤትነቱን የሚያሳየው መዝገብ ነው፤ ከድርጅቱ ላይ 5,245 ይቀነሳል፣ በሠራተኛዋ ላይ 5,245 ይጨመራል። ክፍያው በሰኮንዶች የሚያልቀውና እሑድም ሌሊትም የሚሠራው ለዚህ ነው።

የሚዘገየው የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ከባንክ ወደ ሞባይል ሂሳብ የሚደረገው ዝውውር የባንክ የሥራ ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል፤ በተለይ የድርጅቱ ባንክና የአገልግሎት ሰጪው ባንክ ሲለያዩ። ቅዳሜ ደመወዝ እከፍላለሁ የሚል አሠሪ ገንዘቡን ሐሙስ ማስገባት አለበት። ዓርብ ከሰዓት የጀመረ አሠሪ ፋይሉ ተዘጋጅቶ፣ ሠራተኛው ስልኩን እያየ፣ የድርጅቱ ሂሳብ ግን ባዶ ሆኖ ሊያድር ይችላል።

ፋይሉ

ፋይሉ ሲታይ ቀላል ነው። የዓምዶቹ ስምና ቅደም ተከተል እንደ አገልግሎት ሰጪው ይለያያል እንጂ ፍሬ ነገሩ ይህን ይመስላል፦

```
MSISDN,Amount,Reference
2519XXXXXXXX,5245.00,HAM17-001
2519XXXXXXXX,4890.00,HAM17-002
```

የመጀመሪያው የስልክ ቁጥር፣ ሁለተኛው የተጣራ ደመወዝ፣ ሦስተኛው ድርጅቱ ራሱ ለእያንዳንዱ ረድፍ የሚሰጠው መለያ ነው። መለያው ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል፤ ክፍያ ሲጠፋ ግን ፔሮሉን ከአገልግሎት ሰጪው መግለጫ ጋር የሚያገናኘው እሱ ብቻ ነው። በሁለቱም ወገን HAM17-045 ተብሎ የተጻፈ ነገር ካለ ፍለጋው አጭር ነው።

ትልቁ ጠላት ኤክሴል ነው ብል አላጋነንኩም። 09 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ሲጻፍ ኤክሴል እንደ ሒሳብ ቁጥር ቆጥሮት ፊት ያለውን ዜሮ ይጥለዋል። ይህስ ይታያል፤ ዘጠኝ አሃዝ የቀረው ቁጥር ሲጫን ሥርዓቱ ራሱ ይመልሰዋል። የሚያስፈራው ሌላው ነው። በ251 የሚጀምረው ባለ 12 አሃዝ ቁጥር በኤክሴል መስኮት ለምሳሌ 2.51912E+11 ሆኖ ይታያል፤ ፋይሉ እንዲሁ በሲኤስቪ ሲቀመጥ የሚጻፈውም ይኸው ይሆናል። ያ ጽሑፍ ተመልሶ ወደ ቁጥር ሲቀየር 251912000000 ይሆናል፤ የመጨረሻዎቹ ስድስት አሃዞች ጠፍተዋል። በ0912 ከሚጀምሩት ሠራተኞች ብዙዎቹ አንድ ቁጥር ያዙ ማለት ነው። ያ ቁጥር የአንድ ሰው ከሆነ የብዙዎች ደመወዝ አንድ የማይታወቅ ሰው ስልክ ላይ ሊገባ ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ የስልኩን ዓምድ ቁጥሩ ከመጻፉ በፊት ወደ ጽሑፍ ዓይነት መቀየር፣ ከዚያም የተቀመጠውን ፋይል በኤክሴል ሳይሆን በተራ የጽሑፍ መክፈቻ ከፍቶ ማየት። እዚያ የሚታየው ሥርዓቱ የሚያነበው ራሱ ነው።

በኢትዮ ቴሌኮም መስመር ቁጥሮቹ በ09፣ በሳፋሪኮም ደግሞ በ07 ይጀምራሉ። ቴሌብር በ2013፣ ኤም-ፔሳ በ2015 ዓ.ም ሥራ ስለጀመሩ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የሁለቱም ተጠቃሚ መገኘቱ የተለመደ ነው። በፋይሉ የሚገባው ቁጥር በዚያ አገልግሎት ሂሳብ የተከፈተበት መሆን አለበት። በተግባር ሂሳብ ሠራተኛዋ ወይ ሁለት ፋይል ታዘጋጃለች፣ ወይም ድርጅቱ አንዱን መርጦ ሁሉም ሠራተኛ በዚያ እንዲመዘገብ ያግዛል። እኔ ሁለተኛውን አልመክርም። ሰው በለመደው ስልክ ደመወዙን ቢቀበል ስህተቱም ጥያቄውም ይቀንሳል።

ከቁጥሩ የበለጠ ጊዜ የሚወስደው ግን የቁጥሩ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ከገጠር መጥታ በፋብሪካ የተቀጠረች ልጅ የያዘችው ሲም ካርድ በወንድሟ፣ በአክስቷ ወይም አብራት በምትኖር ጓደኛዋ ስም የወጣ ሊሆን ይችላል። ደመወዙ በሕግ የሚመዘገበው በሲሙ ባለቤት ስም ባለ ሂሳብ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ሲሙን ቢያዘጋው ወይም «ጠፍቶብኛል» ብሎ ቢያስተካው ልጅቷ ገንዘቧን የምታገኝበት መንገድ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው የጅምላ ክፍያ ከመደረጉ አንድ ወር በፊት እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ስም ሲም እንዲያወጣ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል።

የስም አጻጻፉም የራሱ ችግር አለው። በፔሮሉ ላይ ጸሐይ ተብላ የተጻፈችው ሠራተኛ በሞባይል ሂሳቧ `Tsehay`፣ `Tsehaye` ወይም `Sehay` ተብላ ልትገኝ ትችላለች። በፋይሉ የስም ዓምድም ጠይቆ ስም የሚያመሳክር ሥርዓት ይህን እንደ ልዩነት ያየዋል። ሂሳብ ሠራተኛዋ ስሙን ከመታወቂያው ሳይሆን ሠራተኛዋ በራሷ ስልክ፣ ቴሌብር ከሆነ በ*127#፣ ወይም በመተግበሪያው ገብታ ከሂሳቧ ላይ ከምታሳየው እንዳለ ብትገለብጥ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ የምደግፈው የ1 ብር ሙከራን ነው። ከእውነተኛው ደመወዝ ሳምንት በፊት ለ160ዎቹም 1 ብር በጅምላ ይላካል። ከዚያ እያንዳንዱ ሠራተኛ የደረሰውን አጭር መልእክት ለሂሳብ ክፍሉ እንዲያሳይ ይደረጋል። ወጪው 160 ብርና የአገልግሎት ክፍያው ነው። በኋላ እንደምናየው አንዳንድ ስህተቶች ከዚህ ሙከራ በቀር በሌላ በምንም አይገኙም።

መላክና ማጽደቅ

ድርጅቱ በአገልግሎት ሰጪው ገጽ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰው ይኖረዋል፤ አዘጋጅና አጽዳቂ። ሂሳብ ሠራተኛዋ ፋይሉን ትጭናለች፤ ሥራ አስኪያጁ ወይም የፋይናንስ ኃላፊው በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ ያጸድቃል። የሁለቱን የይለፍ ቃል አንድ ሰው ከያዘው ጥበቃው የለም ማለት ነው፤ አለቃው ስብሰባ ላይ ስለሆነ ተብሎ የይለፍ ቃሉ በወረቀት የሚሰጥበት ቢሮ የጥሬ ገንዘቡን ካዝና ቁልፍ በር ላይ ሰቅሎ የሚሄድ ቢሮ ነው።

አጽዳቂው 160 ረድፍ አንድ በአንድ ማንበብ አይጠበቅበትም። ሦስት ነገር ግን ማየት አለበት። የረድፎቹ ብዛት 160 መሆኑን፣ ድምሩ ከተፈረመው ፔሮል ጋር እስከ ሳንቲሙ 812,460 መሆኑን፣ አንድ የስልክ ቁጥር ሁለት ቦታ አለመግባቱን። ሦስተኛው በተለይ ከባድ ነገር ያወጣል። አንድ ቁጥር ለሦስት ሠራተኛ ከተጻፈ ወይ አንድ ፎርማን የሰዎቹን ደመወዝ በራሱ ስልክ እየተቀበለ ነው፣ ወይም ከሦስቱ ሁለቱ በፋብሪካው የሌሉ ሰዎች ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ በቀጥታ ለሠራተኛው ወይም እሱ ለወከለው ሰው የሚከፈል ነው፤ ስለዚህ ውክልና ሳይኖር በፎርማን ስልክ መክፈል ለፎርማኑ እንጂ ለአሠሪው አይመችም።

«ተቀብለናል» ማለት «ከፍለናል» አይደለም

ፋይሉ ሲጸድቅ ሥርዓቱ ወዲያው መልስ ይሰጣል። መልሱ ትእዛዙ መድረሱን ብቻ ነው የሚናገረው። ከዚያ በኋላ ረድፎቹ በየተራ ይካሄዳሉ፤ የእያንዳንዳቸው ውጤት ከዚያ በኋላ ይመጣል። የፔሮል ሶፍትዌራቸውን በቀጥታ ከኤም-ፔሳ ጋር የሚያገናኙ ድርጅቶች ልዩነቱን በግልጽ ያዩታል፤ ክፍያው `SalaryPayment` በሚል ዓይነት ይላካል፣ መጀመሪያ የሚመለሰው `ResponseCode` 0 ቢሆን ጥያቄው ደርሷል ማለት ነው፣ መከፈሉን የሚያረጋግጠው ግን ቆይቶ የሚመጣው `ResultCode` 0 ነው። በገጽ ላይ ፋይል የሚጭነውም ድርጅት ያው ሁለት ደረጃ አለበት፤ «ተጠናቋል» የሚለው የፋይሉ ሁኔታ የረድፎቹን ሁኔታ አይነግረውም። የውጤት ፋይሉን አውርዶ ማየት አለበት።

የእኛ ፋብሪካ የውጤት ፋይሉን አወረደ እንበል። 151 ረድፍ ተሳክቷል፤ ድምሩ 765,855 ብር። 7 ረድፍ ወድቋል፤ ድምሩ 36,115 ብር። 2 ረድፍ ደግሞ «በሂደት ላይ» ይላል፤ ሁለቱም 5,245 ስለሆኑ ድምራቸው 10,490 ብር ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 812,460 ይሆናሉ፤ ስለዚህ የጠፋ ረድፍ የለም።

ሰባቱ የወደቁት አያስጨንቁም። ምክንያታቸው አጠገባቸው ተጽፏል። ሦስቱ ሲም አላቸው፣ የሞባይል ገንዘብ ሂሳብ ግን አልከፈቱም። የሁለቱ ስም አልተመሳሰለም። የአንዱ ቁጥር ተዘግቷል። የቀረችው አንዷ ሂሳቧ ሊይዝ የሚችለው የገንዘብ ጣሪያ ላይ ደርሳለች። የሞባይል ሂሳቦች ባለቤቱ ባቀረበው መታወቂያ መጠን በደረጃ ይመደባሉ፤ ዝቅተኛው ደረጃ መያዝ የሚችለው ገንዘብም በቀን ማንቀሳቀስ የሚችለውም አነስተኛ ነው። ልጅቷ ለቤት ኪራይ ብላ ያጠራቀመችው እዚያው ስላለ አዲሱ ደመወዝ አልገባም። መታወቂያዋን ይዛ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄዳ ደረጃዋን ስታሳድግ ይፈታል። ለሰባቱም ገንዘቡ ከድርጅቱ ሂሳብ አልወጣም፤ ሲስተካከል በሌላ ፋይል ይላካል።

እዚህ ላይ ነው በጣም ውዱ ስህተት የሚሠራው። ሂሳብ ሠራተኛዋ ቸኩላለች፣ ሠራተኛው በር ላይ ቆሟል፤ ሰባቱን ቁጥር በዋናው ፋይል ላይ አስተካክላ ያንኑ ፋይል እንደገና ትጭናለች። 151ዱ ሁለተኛ ደመወዝ ይላክላቸዋል፤ የድርጅቱ ሂሳብ እስከበቃ ድረስ። ሁለተኛው ፋይል ሰባቱን ረድፍ ብቻ የያዘ፣ ድምሩም 36,115 የሆነ መሆን አለበት። አጽዳቂው የሚያየው ድምር ስለሆነ 36,115 ፈንታ 812,460 ሲያይ ወዲያው መቆም ይችላል።

«በሂደት ላይ» ያሉት ሁለቱ ከሰባቱ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ክፍያው ሊሳካም ሊወድቅም ይችላል፤ ምናልባት ተሳክቶ መልሱ ብቻ በመንገድ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አልደረሰም ብሎ ወዲያው እንደገና የሚልክ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። መንገዱ የድርጅቱን ሂሳብ መግለጫ መክፈት ነው። የአገልግሎት ክፍያውን ለብቻ ካስቀመጥን፣ 765,855 ብቻ ወጥቶ ከሆነ በሂሳቡ የሚቀረው 46,605 ብር ነው። የሁለቱም ወጥቶ ከሆነ 36,115 ብር ይቀራል። አንዱ ብቻ ወጥቶ ከሆነ 41,360። አንዳንድ ሥርዓት በሂደት ላይ ያለውን ገንዘብ ለይቶ ስለሚይዘው ቀሪው ብቻውን አይበቃም፤ የመጨረሻው ማስረጃ በረድፉ መለያ አንጻር የተጻፈ የግብይት ቁጥር ነው። የግብይት ቁጥር ካለው ተከፍሏል። ከሌለውና ሁኔታው ካልተለወጠ የረድፉን መለያ ይዞ አገልግሎት ሰጪውን መጠየቅ፣ «ወድቋል» የሚል ቁርጥ ያለ መልስ እስኪመጣ ድረስም አለመላክ ነው። ለሁለቱ ሠራተኞችም ይህንኑ በግልጽ መንገር ይገባል። ደመወዙ ለምን እንደዘገየ የማያውቅ ሰው የሚያስበው የከፋውን ነው።

ተሳክቶ የተሳሳተ ክፍያ

ከ151ዱ «ተሳክቷል» ከተባሉት መካከል አንዷ ሠራተኛ መጥታ «አልደረሰኝም» አለች እንበል። ፋይሉ ሲታይ ከስልኳ አንድ አሃዝ ተለዋውጧል፤ የተላከበት ቁጥር ደግሞ በእውነት ያለ፣ የሞባይል ሂሳብም የተከፈተበት ነው። ለሥርዓቱ ይህ ፍጹም የተሳካ ክፍያ ነው። የትኛውም የውጤት ፋይል ስህተቱን አያሳይም፤ የሚያውቀው ደመወዙ ያልደረሰው ሰው ብቻ ነው። የ1 ብሩ ሙከራ ዋጋው እዚህ ይታያል።

ገንዘቡን ማስመለስ የሚቻለው በአገልግሎት ሰጪው በኩል ነው፤ የግብይት ቁጥሩን፣ የተላከበትን ቁጥርና የድርጅቱን ማመልከቻ ይዞ በፍጥነት መሄድ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ገና በተቀባዩ ሂሳብ ላይ ካለ ነገሩ ይቀላል፤ ከወጣ ግን የሰውየው ፈቃድ ወይም የሕግ መንገድ ያስፈልጋል። በቀጥታ ደውሎ «በስህተት ደመወዝ ልከንልሃል፣ መልስልን» ማለት ብዙ አይሠራም፤ አታላዮች የሚጠቀሙበት ንግግር ቃል በቃል ይኸው ስለሆነ ተቀባዩ ስልኩን ቢዘጋ ልክ ነው። የሠራተኛዋ ደመወዝ ግን ይህ ሁሉ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። ደመወዟ አልተከፈላትም፤ የተሳሳተው ከፋዩ ነው። ድርጅቱ ወዲያው በትክክለኛው ቁጥር ይከፍላታል፣ የጠፋውን ለብቻው ይከታተላል። ቁጥሩን ራሷ አሳስታ ሰጥታ ከሆነስ? ያኔም ቢሆን ከደመወዟ በአንድ ጊዜ መቁረጥ አይቻልም፤ አዋጁ የጽሑፍ ስምምነት ወይም ሌላ ሕጋዊ መሠረት ይጠይቃል፣ በወር የሚቀነሰው ሁሉ ተደምሮም ከደመወዟ ሲሶ አይበልጥም።

ፔሮሉም በጅምላ ክፍያ ምክንያት አይቀርም። ጠቅላላ ደመወዙን፣ ተቀናሾቹን በየዓይነታቸውና የተጣራውን የሚያሳይ መዝገብ መያዝ አሁንም የአሠሪው ግዴታ ነው። የሚለወጠው በፊርማው ጎን የግብይት ቁጥሩ መጻፉ፣ በሥራ ውሉም ሠራተኛው ደመወዙን በዚህ ስልክ ቁጥር ለመቀበል መስማማቱ በጽሑፍ መግባቱ ነው። ስልክ የሚለውጥ ሠራተኛ በቃል ሳይሆን በፊርማ ያሳውቅ፤ «ስልኬን ቀይሬያለሁ» የሚል መልእክት ከየትም ሊመጣ ይችላል።

ከፋብሪካው በር ውጭ

ብሩ ስልክ ላይ ገብቷል። ሠራተኛዋ ግን ኪራይ የሚቀበሏት እማማ ጥሬ ገንዘብ ነው የሚፈልጉት፤ ጉልቱም እንዲሁ። ስለዚህ በበሩ አጠገብ ወዳለው ወኪል ትሄዳለች። ወኪሉ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ከእሷ ሂሳብ ወደ እሱ ሂሳብ 5,000 ይገባል፣ እሱ ደግሞ ከመሳቢያው 5,000 ቆጥሮ ይሰጣታል። ያ መሳቢያ 60,000 ብር ካለው 12 ሰው ያስተናግዳል። አሥራ ሦስተኛዋ ስትመጣ ስልኩ በገንዘብ ተሞልቷል፣ መሳቢያው ባዶ ነው። ወኪሉ እንደገና ጥሬ ገንዘብ ለማግኘት ወደ ባንክ ወይም ወደ ዋናው ወኪል መሄድ አለበት፤ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ደግሞ ሁለቱም ዝግ ሊሆኑ ይችላሉ። ከከተማው መሀል ወጣ ባለ ቦታ፣ ወኪል በየበሩ በሌለበት፣ ይህ እጥረት ፋብሪካው በጥሬ ገንዘብ ሲከፍል የነበረውን ሰልፍ ወስዶ ከበሩ ውጭ ያቆመዋል።

እንዲህ ያለ ቦታ የሚከፍል አሠሪ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። የመጀመሪያው ክፍያውን በሁለት ቀን ማካፈል ነው፤ ለምሳሌ የማለዳ ፈረቃውን 80 ሠራተኛ በ28፣ የማታውን በ29። የሥራ ውሉ ወይም የኅብረት ስምምነቱ የክፍያ ቀን ቆርጦ ከሆነ አንዱ ቡድን ቀደም ብሎ ይከፈለዋል እንጂ ሌላው አይዘገይም። ሁለተኛው በአካባቢው ላሉ ወኪሎች ቀኑንና ግምቱን አስቀድሞ መንገር ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ወኪሎች ከዋዜማው ጀምረው ገንዘብ ካዘጋጁ ነገሩ ይቃለላል። ቀኑና መጠኑ ለወኪሎቹ ብቻ ይነገር እንጂ በር ላይ አይለጠፍ።

የማውጫ ክፍያውስ በማን ላይ ነው? ድርጅቱ ለመላኩ በውሉ መሠረት ይከፍላል፤ ገንዘቡን ከወኪል ስታወጣ የምትከፍለው ግን ሠራተኛዋ ናት። በጥሬ ገንዘብ ሲከፈላት ይህ ወጪ አልነበረባትም። የክፍያ መንገዱን የለወጠው አሠሪው፣ ጊዜና ጥበቃ የተረፈውም ለእሱ ስለሆነ፣ የአንድ ጊዜ ማውጫ ክፍያውን አሠሪው ቢሸፍን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሲሸፍንም ከደመወዙ ጋር በአንድ ቁጥር ደብልቆ ሳይሆን በፔሮሉ ላይ ለብቻው በሌላ ዓምድ ይጻፈው፤ ካልሆነ በሚቀጥለው ወር የፋይሉ ድምርና የፔሮሉ ድምር ሳይገናኝ ይቀርና አጽዳቂው በየትኛው ማመን እንዳለበት ይቸገራል።